ሦስት ልጆች፣ አንድ ክፍል፣ የነሐሴ ዝናብ

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ከአንድ ግቢ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። አንዱ ክፍል የእኔና የባለቤቴ ነው። ሳሎኑም ማብሰያውም እሱው ነው። ሌላው የልጆቹ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ይሆናል። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ለትንሹ መሬት ላይ የምትዘረጋ ፍራሽ አለችበት። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ መሃለኛው 8፣ አቡሽ ደግሞ 4።

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ትምህርት የለም። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ካለች ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ከሰዓት ግን ሰማዩ ይጠቁርና ይለቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዲያውም ሳያባራ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው።

አምና የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍነው በቴሌቪዥንና በእኔ ስልክ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ቀረ። ስልኩም ባትሪው አለቀ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሦስቱም እየተላቀሱ ነበር። መሃለኛው የእህቱን ደብተር ቀዶ፣ እሷ ከአልጋ ገፍትራው፣ አቡሽ ደግሞ ሁለቱም ሲጮሁ ፈርቶ። ያን ቀን ማታ ልጆቹ ተኝተው እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጨዋታ አጥተው አልነበረም። ያጡት ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ አብረው፣ ቁርስ ላይ አብረው፣ እስከ ማታ አብረው። ትልቅ ሰውም ቢሆን ይህን አይችለውም።

ስለዚህ የጀመርኩት ከጨዋታ ሳይሆን ከመጋረጃ ነው። የታችኛውን አልጋ ፊት በአሮጌ አንሶላ ጋረድኩት። አንሶላውን ከላይኛው ፍራሽ ስር ወትፌ ወደ ታች ለቀቅኩት፣ ሚስማርም ገመድም አላስፈለገኝም። ስሙን መሃለኛው "ጎጆ" አለው። ከምሳ በኋላ እያንዳንዳቸው ለግማሽ ሰዓት ጎጆው ውስጥ ብቻቸውን ይገባሉ። እዚያ የገባን ማንም አይጠራውም፣ ማንም አይገልጠውም። ትልቋ ታነባለች። መሃለኛው ቆርኪዎቹን ይደረድራል። አቡሽ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ በኋላ እዚያው እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ተራው የሚቆጠረው ግድግዳ ላይ ባለው ሰዓት ነው፣ በእኔ ቃል አይደለም። እኔ "በቃ፣ ውጣ" ስል ለእሱ አደላሽ ለእሷ አደላሽ ይመጣል። ሰዓቱ ሲል ግን ማንም አይከራከርም።

ሁለተኛው የገባኝ ነገር የቆርቆሮው ነው። ጣሪያችን ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲበረታ፣ በተለይ በረዶ ሲቀላቀልበት፣ አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም። እኔ ደግሞ ልክ ያኔ ነበር "ኑ ተረት ላውራላችሁ" የምለው። እጮሃለሁ፣ እነሱ ግማሹን ይሰማሉ፣ አቡሽ "ምን? ምን?" ይላል፣ ሁሉም ይሰለቻል። አሁን ቀኑን የምከፍለው በቆርቆሮው ድምፅ ነው። ሲጮህ በእጅና በዓይን የሚሠራ ነገር፣ ሲያካፋ ደግሞ የአፍ ጨዋታ።

ቆርቆሮው ሲጮህ ትልቋንና መሃለኛውን የሚይዝልኝ ገበጣ ነው። ገበጣችን የተሠራው ከእንቁላል ካርቶን ነው። ሱቅ ውስጥ 30 እንቁላል የሚያዘው ካርቶን 5 በ 6 ነው። ከእሱ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች በመቀስ ቆርጠን አወጣን። 12 ቤት ሆነ። በየቤቱ 4 ሽምብራ፣ በጠቅላላው 48። የገበጣ ደንብ እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ የምንጫወተው እንዲህ ነው። ከራስህ ስድስት ቤቶች የአንዱን ታነሳለህ፣ ወደ ቀኝ አንድ አንድ እየጣልክ ትዞራለህ። የመጨረሻዋ ፍሬ ሌላ ፍሬ ያለበት ቤት ካረፈች ያን ሁሉ አንስተህ ትቀጥላለህ። ባዶ ቤት ካረፈች ተራህ አበቃ። የመጨረሻዋ ፍሬ ቤቱን በትክክል 4 ካደረገችው አራቱን ትወስዳለህ፣ ተራህም ያበቃል። ገበታው ላይ ከ8 ፍሬ በታች ሲቀር ቆጥረን ብዙ የሰበሰበ ያሸንፋል።

መሃለኛው በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ቤቱን አነሳ። አራቱን ጣለ፣ የመጨረሻዋ እህቱ የመጀመሪያ ቤት ደረሰች። እዚያ 5 ሆነ፣ አነሳ። አምስቱ የእህቱን የመጨረሻ ቤት ሞሉ፣ እሱንም አነሳ። ወደ ራሱ ተመልሶ አምስተኛ ቤቱ ላይ 6 አገኘ፣ አነሳ። እነዚያ እህቱ አምስተኛ ቤት ላይ አደረሱት፣ እዚያም 6። አነሳ። ዞሮ ዞሮ ቅድም ባዶ ያደረጋት የራሱ አምስተኛ ቤት ላይ አረፈ። አንድም አልወሰደም። ግን ከእሱ በኩል 28 ፍሬ ተከማችቷል፣ ከእህቱ በኩል 20። እሷ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ነበር። በማግስቱ ፍሬዎቹን ሳትነካ በዓይኗ እየቆጠረች የት እንደሚያርፍ አስቀድማ ማወቅ ጀመረች። እሱ ፈጣን ነው፣ እሷ ታሰላለች። በሦስት ዓመት ብትበልጠውም አሸናፊው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ገበጣን የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሩጫና ጉልበት ባለበት ጨዋታ ትንሹ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው፣ ክፍሉም ይጠብባል።

አሁን ስለ ሽምብራው ልናገር፣ ምክንያቱም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ገበጣው ተዘርግቶ ሁለቱ ለምሳ መጡ። አቡሽ ወደ ኋላ ቀረ። ሲመጣ አፍንጫውን እያሸ ነው። "እማዬ፣ ሽምብራዬ ገባ" አለኝ። በቶርች ሳይ ትታየኛለች። እጄ ለማውጣት ሄደ። ጎረቤቴ ግን "ተዪው፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ" ብላ ያዘችኝ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ በቀጭን መሣሪያ በአንድ ደቂቃ አወጡለት። ነርሷ የነገረችኝን አልረሳውም። ሽምብራም ባቄላም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ በጣት ወይም በወረንጦ መቆፈር፣ ውሃ መጨመርም አይገባም፤ ቶሎ ማምጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ገበጣ የሚዘረጋው አቡሽ ጎጆው ውስጥ ሲተኛ ብቻ ነው። ሲያበቃ ፍሬው ይቆጠራል። 48 ካልሞላ ማንም ከክፍሉ አይወጣም፣ የጠፋው ከፍራሽ ስር ይፈለጋል።

አቡሽ ደግሞ የካልሲ ኳስ አለው። አሮጌ ካልሲ በካልሲ እየጠቀለልን ድቡልቡል አደረግነው። በሩ አጠገብ ባለው ባልዲ ውስጥ ይወረውራል። መስኮት አይሰብርም፣ ቢመታም አያሳምምም።

ቆርቆሮው ዝም ሲል የእንቆቅልሽ ሰዓት ነው። "እንቆቅልህ!" ይላል መሃለኛው። "ምን አውቅልህ!" ይላል አቡሽ አልጋው ላይ እየዘለለ። መጀመሪያ እኔ የማውቃቸውን ስነግራቸው በሁለት ቀን አለቁ። ከዚያ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ መልሱ ከዚህ ክፍል ውስጥ ወይም ከመስኮቱ የሚታይ ነገር መሆን አለበት፣ እንቆቅልሹንም ራሳቸው ይፍጠሩት። መሃለኛው "ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ይጨፍራል፣ እግር የለውም" አለ። ይህ ቀላል ነበር። ትልቋ ግን "ሌሊት ሦስት ሰው ይሸከማል፣ ቀን አንድ ሰው ይደብቃል" ብላ ሁላችንንም አሸነፈችን። ተደራራቢው አልጋ ነው፤ አቡሽ ሌሊት ተነስቶ እሷ ዘንድ ይገባል። "አገር ስጠኝ" ሲባል አቡሽ የሚያውቀው አንድ አገር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ጎንደርን ይሰጣል፣ አያቱ ስላሉ።

ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ሥራው ሁሉ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። መስከረም 1 ለጎረቤት የሚያድሉት አበባና መልአክ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ። አንደኛ፣ የውሃ ቀለም ገዛሁላቸው። በዚያ እርጥበት ወረቀቱ አይደርቅም፣ ይጨማደዳል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረብ ይጣበቃል። 9 ሥዕል እንዲሁ ጠፋ። አሁን በከለርና በእርሳስ ነው የሚሠሩት፤ ያለቀውንም በልብስ መቆንጠጫ ክር ላይ እንሰቅላለን፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርገን። ሁለተኛ፣ 12 ከለር ስድስት ስድስት ብዬ አካፈልኳቸው። ሁለቱም ቢጫ ይፈልጋሉ፣ የአደይ አበባ ነዋ። ቢጫ ግን አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ክርክር ሆነ። አሁን ካርቶኑ መሃል ይቀመጣል፣ በአንድ ጊዜ በአንድ እጅ አንድ ከለር ብቻ። ሳትመልስ ሌላ አታነሳም። ቢጫውን ደግሞ ሁለተኛ ገዛሁ።

ብርዱን በተመለከተ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጆቹ እንዲሞቃቸው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ወደተዘጋ ክፍል አታስገቡ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እኛ የበቆሎ እሸቱን በረንዳ ላይ ጠብሰን የምናስገባው በቆሎውን ብቻ ነው። ለብርዱ ሁለት ካልሲና የአባታቸው ጋቢ አለ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይገቡበታል።

ዘንድሮ የእንቁላል ካርቶኑ እርጥበት ስለሚያለሰልሰው በሐምሌና በነሐሴ ሁለት ጊዜ ቀይረነዋል። ባለፈው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር። ሁለቱ ትልልቆቹ ገበጣውን ይዘው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። አቡሽን ስፈልገው አጣሁት። አንሶላውን ስገልጥ ጎጆው ውስጥ ነው። "እማዬ፣ ተራዬ አላለቀም" አለኝ።