ዓይኑ እያየ ሰሌዳ የወጋው ክንድ

ሁሉም ቁጥር አምሮ ነበር፤ ያሳበደኝም እሱ ነው። ካሜራው የሮቦት ክንዱ አንጓ ላይ ታስሯል። በ25 ሚሜ ካሬዎች የተዘጋጀ የዳማ ሰሌዳ በወረቀት አትሜ አሉሚኒየም ላይ ለጠፍኩ። ክንዱን 18 ቦታ እያቆምኩ ፎቶ አነሳሁ፣ የካሜራውን ካሊብሬሽን ሠራሁ፣ ቀጥሎም ካሜራው ከአንጓው አንጻር የት እንዳለ የሚያወጣውን የእጅና የዓይን ካሊብሬሽን። የሪፕሮጀክሽን ስህተቱ፣ ማለትም ስሌቱ ማዕዘኖቹ ይኖራሉ ባለበትና ፎቶው ላይ በታዩበት መካከል ያለው ልዩነት፣ 0.2 ፒክሰል! በስሌቱ መሠረት ሰሌዳው በ18ቱም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው፣ ከቦታው ያነሳው ሰው የለምና።

ከ500 ሚሜ ከፍታ ፎቶ አንስቶ የሰሌዳውን አንድ ማዕዘን በሹል ጫፍ እንዲነካ አዘዝኩት። ነካው፣ ያውም እንደ መርፌ። ደረቴን ነፍቼ የሥራ ባልደረባዬን ጠራሁ። «እስቲ ከፍ አድርገህ አሳየኝ» አለኝ። ከ700 ሚሜ ፎቶ አንስቶ ሲወርድ ያንኑ ማዕዘን አልነካውም፤ ወጋው። ወረቀቱ ተቀደደ፣ ክንዱም የግጭት መልእክት አውጥቶ ቆመ። ከ300 ሚሜ ስንሞክር ደግሞ ከሰሌዳው 8 ሚሜ ያህል በላይ አየር ላይ ቀረ። «እጅ እየነሳ ነው እንዴ?» አለኝ።

የካሜራውን ብሎን አጠበቅሁ። ሌንሱን ጠረጠርኩ። በነበሩኝ ፎቶዎች ሦስት ጊዜ እንደገና አሰላሁት፤ ሦስቴም ያው ያማረ ቁጥር።

በመጨረሻ ባልደረባዬ ሰሌዳውን ባልተቀደዱት ማዕዘኖቹ እያየ ክንዱን ቀጥ አድርጎ 100 ሚሜ ከፍ አደረገና ካሜራውን ርቀቱ ስንት እንደጨመረ ጠየቀው። 104.2 አለ። ይህ ሙከራ ካሜራው አንጓው ላይ የት እንደታሰረ ግድ የለውም፤ ክንዱና ካሜራው በአንድ ሜትር ይለኩ እንደሆነ ብቻ ያሳያል። ካሊፐር አምጥተን ስምንት ካሬ አንድ ላይ ለካን፤ 200 ሚሜ መሆን የነበረበት 192 ነው። ፕሪንተሩ ወረቀቱ ላይ ይግባልኝ ብሎ ወደ 96% አሳንሶታል። እያንዳንዱ ካሬ 24 ሚሜ ሆኖ ሳለ ኮዴ 25 ይላል።

ታዲያ የሪፕሮጀክሽን ስህተቱ ለምን ዝም አለ? ትንሽ ሰሌዳ ከቅርብ እና ትልቅ ሰሌዳ ከሩቅ በፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ካሜራው 500 ሚሜውን 521 ብሎ ቢያነብም ፒክሰሎቹ አይቃረኑትም። የትኩረት ርዝመቱም በፒክሰል ስለሚሰላ አይነካም።

ከ500 ሚሜ ግን ለምን በትክክል ነካ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። 18ቱንም ፎቶ ያነሳሁት ሰሌዳውን ከ500 ሚሜ እየዞርኩ፣ ካስማ ላይ እንደታሰረች ፍየል ነው። ርቀቱ ሁሌ አንድ ከሆነ ስሌቱ የ21 ሚሜውን ትርፍ ካሜራውን 21 ሚሜ ወደ ኋላ በመግፋት ያጣፋዋል። 500 ላይ ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ። 700 ላይ ካሜራው 729 ያነባል፤ 21 ሲቀነስ 708፣ ማለትም 8 ሚሜ ወደ ታች። 300 ላይ 312.5 ያነባል፤ ሲቀነስ 292 ገደማ። የታየው በትክክል ይህ ነው።

ምልክቱ ደግሞ ከፊቴ ነበር። ከአንጓው እስከ ካሜራው በማስመሪያ 60 ሚሜ ሲሆን ስሌቱ 39 ብሎ ነበር፤ «የካሜራው ማዕከል ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ነው» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ያ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ያስመካኛል እንጂ 21 አያስመካኝም።

ፎቶዎቹን እንደገና ማንሳት አላስፈለገም። ይህን መስመር ብቻ ቀይሬ በድጋሚ አሰላሁ፦

```python
square = 24.0  # በካሊፐር የተለካ፣ ሚሜ
```

ከሦስቱም ከፍታ ስህተቱ ከ1 ሚሜ በታች ወረደ። እንዲያም ሆኖ ከ300 እስከ 700 ሚሜ የተሰባጠሩ፣ ካሜራው በተለያየ አቅጣጫ እስከ 30 ዲግሪ ያጋደለባቸው አዲስ ፎቶዎች ላንሳ አልኩ። ርቀቱ ሲለያይ የመጠን ስህተት ካለ ሰሌዳው በየፎቶው ቦታ እየቀየረ ራሱን ያጋልጣል።

ችግሩ፣ ያ የተወጋው ማዕዘን ተቀዷል። ማዕዘኖቹን የሚፈልገው `findChessboardCorners` ደግሞ ከነገርኩት ቁጥር አንድ ማዕዘን ከጎደለው ሰሌዳውን በሙሉ አላየሁም ይላል። እናም አዲስ አተምኩ፤ በዚህኛው ዙር ሳይቀነስ፣ በ100%። በካሊፐር ለካሁ፤ ስምንት ካሬ 200 ሚሜ፣ ንቅንቅ የለም። ካሊብሬሽኑን ሠርቼ በኩራት ክንዱን 100 ሚሜ ከፍ አደረግሁ።

ካሜራው 96 አለ።

ኮዱ ውስጥ 24 እንዳለ ነው።