31 ሥራ፣ አንድ ጥርስ

የሁለት ሱቅና የአንድ ዳቦ ቤት ሂሳብ እሠራለሁ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ደብተሬ ላይ ያለውን የሥራ ዝርዝር ብቆጥረው 31 ሆነ። የግንቦት ቫትም፣ የጥርስ ሕክምናም፣ የእድሩ ቃለ ጉባኤም፣ የአክስቴ ልጅ ሲቪም ተደበላልቀው ተቀምጠዋል።

አንድ ወረቀት አራት ቦታ ከፈልኩና መደልደል ጀመርኩ። አስቸኳይም አስፈላጊም፣ አስፈላጊ ግን የማያስቸኩል፣ የሚያስቸኩል ግን አስፈላጊ ያልሆነ፣ ሁለቱንም ያልሆነ። ስጨርስ 22ቱ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ገብተዋል! ምን ዋጋ አለው ታዲያ?

ቆይቶ ነው የገባኝ። አስቸኳይ ያልኩት የሥራውን ቀን አይቼ ሳይሆን የደዋዩን ድምፅ ሰምቼ ነው፤ ሦስት ጊዜ የደወለ ሁሉ አስቸኳይ ሆኖብኛል።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። በየሥራው ጎን ሁለት ነገር ጻፍኩ፦ የመጨረሻ ቀኑን፣ እና ጭራሽ ሳይሠራ ቢቀር ማን ምን እንደሚሆን። ቫቱ ግልጽ ነው፤ ሰኔ 30 ካለፈ ደንበኛዬ ይቀጣል። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች የደመወዝ ግብርም እንደዚያው። ሲቪውን ግን «መቼ ነው የምታስገቢው?» ብዬ ስጠይቃት «ሐምሌ 10» አለችኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ያዋከበችኝ ለዚህ ነው! በዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ 5 ብቻ ቀሩ።

ሦስተኛውን ሳጥን ለሌላ ሰው ስጥ ይባላል። እኔ ረዳት የለኝም። ቢሆንም ደረሰኝ ለመሰብሰብ ሱቅ ድረስ መመላለሱን ትቼ፣ ካሸሯ በየማታው ፎቶ አንስታ በቴሌግራም እንድትልክልኝ ተስማማን። ዋናውን በወር አንዴ እወስዳለሁ። የቀረውን ስልክና መልእክት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ ላይ እመልሳለሁ። አራተኛው ሳጥን ውስጥ የነበሩትን 6 ሥራዎች ሰረዝኳቸው፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።

የተበላሁት በሁለተኛው ነው። ጥርሴን እዚያ አስቀመጥኩትና ቀን ሳልሰጠው ረሳሁት። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ጉንጬን ይዤ ስንቆራጠጥ አደርኩ፤ መሞላት የነበረበት ጥርስ ተነቀለ። ደረሰኝ መመዝገብም ጠባዩ ያው ነው። በየጊዜው ከሠራሁት 20 ደቂቃ አይፈጅም፣ ካጠራቀምኩት ግን ወር መጨረሻ ላይ ራሱ እሳት ሆኖ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ አገኘዋለሁ።

አሁን ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ነገር ቀንና ሰዓት ሳይጻፍበት አይገባም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት የዚያ ሳጥን ነው፣ ስልኬም መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የእድራችን ሰብሳቢ ግን አሁንም ሦስቴ ይደውላሉ።