ዓርብ ከምሳ በኋላ የሚጣበቀው ሲስተም

በእኛ ቢሮ አንድ ነገር ሲንቀራፈፍ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ኔትወርክ። ጅማ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማሰብ ብዙ ጊዜ ስለሚያዋጣ በማንም አልፈርድም። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ቡና ይረከባል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ የመጣ አይሱዙ ሚዛን ላይ ይወጣል። የሚዛን ጸሐፊዋ ክብደቱን፣ እርጥበቱንና የአቅራቢውን ስም ታስገባለች፣ ደረሰኝ ይታተማል፣ መኪናው ወደ መጋዘን ያልፋል። ሥራውን የሚሠራው በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ቶምካት ላይ ይሮጣል፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢ ነው፤ ሁለቱም ያሉት አንድ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። 8 ጊጋባይት ራም፣ አራት ኮር፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ያረጀ ነው፤ ግን ለእኛ ሥራ አያንስም።

ቅሬታው የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት በሁለት ሰከንድ ደረሰኝ የሚያወጣው ሲስተም ሰው ከምሳ ሲመለስ ይጣበቃል። በአዘቦት ቀን ለሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ዓርብ ግን ከአሥር ደቂቃም ያልፋል። በሩ ላይ መኪና ይሰለፋል፣ ሹፌሮች ክላክስ ያንጫጫሉ። የሚዛን ጸሐፊዋ ትደውላለች፦ «ወንድሜ፣ ምን ልበላቸው? ሲስተም የለም ልበል?» እኔ ደረጃውን ወርጄ ስደርስ ራሱ ተስተካክሎ ይጠብቀኛል። እንዲህ እንደሚሸሽ ብልሽት የሚያናድድ ነገር የለም።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ፈተሽኩ። ሲስተሙ ተጣብቆ ባለበት ሰዓት ከሚዛን ቤት ወደ ሰርቨሩ ፒንግ ሲደረግ መልሱ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይመጣል። ይህ መስመሩ ደህና መሆኑን ይናገራል፤ ሰርቨሩ ጤነኛ መሆኑን ግን አይናገርም። ፒንግን የሚመልሰው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው። ከርነሉ ሁሌም ራም ውስጥ ስላለ፣ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ደንዝዘው እንኳ እሱ ፈጥኖ ይመልሳል።

ቀጥሎ `top` አየሁ። ሎዱ፣ ማለትም ፕሮሰሰር ወይም ዲስክ የያዙና የሚጠብቁ ሥራዎች ብዛት፣ 8 ደርሷል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። ከፍ ብሎ የሚታየው `wa` ነው፤ ዲስክ በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ። ሎድ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰር ዝቅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ዲስክ ደጅ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ግን ማን? ለምን?

ፍንጩን የሰጠኝ የጃቫው ጋርቤጅ ኮሌክተር ሎግ ነው። አንዷ መስመር እንዲህ ትላለች፦

```
GC(412) User=0.42s Sys=0.31s Real=38.16s
```

ጋርቤጅ ኮሌክተር ጃቫ የማይፈልገውን ሜሞሪ ጠራርጎ የሚያስለቅቅበት ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ጽዳት ሲካሄድ ፕሮግራሙ በሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። `User` እና `Sys` ፕሮሰሰሩ የሠራበትን ጊዜ ይነግሩናል። `Real` በግድግዳ ሰዓት ያለፈው ነው። አራት ኮር ባለበት ማሽን ጽዳቱን ብዙ ክር ስለሚካፈለው፣ በደህና ቀን `User` ከ`Real` ይበልጣል እንጂ አያንስም። እዚህ ግን የአንድ ሰከንድ እንኳ ያልሞላ ሥራ 38 ሰከንድ ፈጅቷል። ሠራተኛው አልሰነፈም፤ የሚያጸዳው ሜሞሪ ራም ውስጥ የለም።

(ሎጉ ላይ ሰዓቱ 14:02 ይላል። ጸሐፊዋ «8 ሰዓት አካባቢ ነው» ያለችው ይሄንኑ ነው። ቅሬታና ሎግ ስታዛምዱ ስድስቷን መቀነስ አትርሱ።)

በሚቀጥለው ዓርብ ሰው ሳይመለስ ቀድሜ ተቀመጥኩ። `free -h` ያሳየኝ ይህን ነው፦

```
       total   used   free   shared  buff/cache  available
Mem:   7.7Gi  4.8Gi  167Mi     38Mi       2.8Gi      2.6Gi
Swap:  2.0Gi  1.3Gi  761Mi
```

አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ `free` የሚለውን 167 ሜጋ አይቶ «ራም አልቋል» አለ። አላለቀም። ሊኑክስ ሥራ ፈት ራም አይወድም፤ የተረፈውን በፋይል ካሽ ይሞላዋል፣ ሲያስፈልግም መልሶ ይለቀዋል። መታየት ያለበት `available` ነው፤ እሱ 2.6 ጊጋ ይላል። እንቆቅልሹም እዚሁ ላይ ነው። 2.6 ጊጋ ሊለቀቅ የሚችል ራም እያለ፣ 1.3 ጊጋ የፕሮግራም ሜሞሪ ለምን ስዋፕ ላይ፣ ማለትም ራምን ለማገዝ ዲስክ ላይ በተከለለው ቦታ፣ ተጣለ?

ልክ 8 ሰዓት ሲሆን ጸሐፊዎቹ ገቡ። `vmstat 1` ከፍቼ ነበር። የመጀመሪያዋን መስመር ተዉአት፤ እሷ ሰርቨሩ ከተነሣ ጀምሮ ያለው አማካይ ናት። ቀጥሎ በየሰከንዱ የሚመጡትን ነው ማየት። `si` ዜሮ ነበረ፤ ሰው ሲገባ ድንገት ወደ 3,100 ዘለለ፣ እዚያው ላይም ተቸነከረ። `so` ዜሮ ላይ ቀረ። `b` ደግሞ 7፤ ሰባት ሥራዎች ዲስክ ላይ ተገትረዋል።

`si` በሰከንድ ስንት ኪሎባይት ከስዋፕ ወደ ራም እንደተመለሰ ያሳያል። 3,100 ለምን? የሚሽከረከር ዲስክ በተበታተነ ንባብ በሰከንድ መቶ ያህል ጊዜ ነው ማንበብ የሚችለው። ከርነሉ ከስዋፕ ሲያነብ በመደበኛ ቅንብሩ በአንዴ እስከ 8 ገጽ ያነሣል፤ አንዱ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው፣ ስለዚህ 32 ኪሎባይት። መቶ ጊዜ 32፣ 3,200። ዲስኩ አቅሙን ጨርሷል።

ማን ስንት እንደተጣለበት ለማወቅ የጃቫውን ሂደት ጠየቅሁ፦

```
grep VmSwap /proc/1187/status
VmSwap:   912384 kB
```

ወደ 890 ሜጋባይት ነው። በ3,200 ኪሎባይት ፍጥነት ይህን ብቻ መልሶ ለማንሣት አምስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ማሪያዲቢም የራሱ ተጨምሮበታል። የዓርቡ አሥር ደቂቃ ከየት እንደመጣ ተገለጠልኝ።

የቀረው «ማን ጣለው?» የሚለው ነው። `so` ዜሮ መሆኑ መጣሉ ቀደም ብሎ እንዳለቀ ይናገራል። በምሳ ሰዓት የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ባክአፕ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያ ማታ መብራት እየጠፋ ስላስቸገራቸው ወደ 6፡40 አምጥተውታል። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ባክአፑ ዳታቤዙን ይገለብጣል፣ ከዚያ ስካን የተደረጉ ሰነዶችን ወደ ውጭ ዲስክ ይቀዳል፤ ከ40 ጊጋ በላይ ናቸው። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ `sha256sum` ያሰላበታል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀዳዋል። ማለትም ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

ይቺ ሁለተኛዋ ንባብ ናት ጉዷ። ከርነሉ አንዴ ብቻ የተነበበ ፋይልን ቶሎ ሊጥለው ያስባል። ሁለት ጊዜ የተነበበውን ግን ተፈላጊ ነው ብሎ ወደ ንቁው ዝርዝር ያሳድገዋል። በዚያው ሰዓት ጃቫው ሰው የሚነካው የለም። አንድ ጎበዝ የመጋዘን ሰው በር ላይ ያለ የማይነካ ጆንያን ወደ ጓሮ አውጥቶ፣ የሚመላለሰውን በር አጠገብ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የማያውቀው፣ የሚመላለሰው ዳግም የማይፈለግ መሆኑን፣ ጓሮ የወጣው ደግሞ 8 ሰዓት ላይ በአንዴ የሚጠየቅ መሆኑን ነው።

ዓርብ ለምን እንደሚብስም ከዚህ ይገባል። በአዘቦት ቀን ሚዛን ላይ ሁሌ አንድ ሰው ተረኛ ሆኖ ይቀራል፣ ፕሮግራሙ እየተነካ ይቆያል። ዓርብ ለጁምዓ ሶላትም ለምሳም ቢሮው ጭር ስለሚል፣ ሁሉም ነገር ለረጅም ሰዓት ሳይነካ ይውላል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ ከሰዓት የሚመለስ ስለሌለ ቅሬታም የለም።

ባልደረባዬ «ስዋፑን እናጥፋዋ» አለ። `swapoff` አጓጊ ነው፤ ግን እኛ ጋ አልወደድኩትም። ራም በእውነት ያነሰ ቀን ከርነሉ አንዱን ሂደት ይገድላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን። የእኛ ትልቁ ዳታቤዙ ነው። መዘግየት ይሻላል። `nice` እና `ionice` ደግሞ ስክሪፕቱ ላይ ቀድሞም ነበሩ። እነሱ የፕሮሰሰርና የዲስክ ተራን ያስተካክላሉ እንጂ ካሹ ራም ላይ የሚይዘውን ቦታ አይገድቡም።

ዋናው መፍትሔ ባክአፑን ራሱን አጥር ውስጥ ማስገባት ነበር፦

```
systemd-run --scope -p MemoryMax=512M /usr/local/bin/backup.sh
```

ስክሪፕቱ የሚያነባቸው ፋይሎች ካሽ በእሱ ሒሳብ ስለሚመዘገብ፣ 512 ሜጋ ሲሞላ የሚጥለው የራሱን የቆየ ካሽ ነው። የጎረቤቱን ሜሞሪ አይነካም። ባክአፑ የዘገየው በጥቂት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ፣ `vm.swappiness` ከ60 ወደ 10 ወረደ። ይህ ከርነሉ ቦታ ሲፈልግ ከፕሮግራም ሜሞሪ ይልቅ ወደ ፋይል ካሽ እንዲያደላ ያደርገዋል። ስዋፕን አይከለክልም፣ ራም በእውነት ላነሰው ማሽንም መድኃኒት አይሆንም። ሦስተኛ፣ የማሪያዲቢው ባፈር ፑል፣ ማለትም ዳታውን ራም ውስጥ የሚያቆይበት ቦታ፣ 4 ጊጋ ተሰጥቶት ነበር፤ ያለን ዳታ ግን ሁለት ጊጋ አይሞላም። 2.5 ጊጋ አደረግነው።

በቀጣዩ ዓርብ 8 ሰዓት ላይ `si` አልፎ አልፎ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ዜሮ። የጽዳቱ `Real` ወደ ግማሽ ሰከንድ ወረደ። ኃላፊያችን መጥተው ስክሪኑን አዩ። «ስዋፑ ላይ አሁንም 200 ሜጋ አለ አይደል እንዴ? አልተስተካከለማ!» አሉ። እዚያ ያለው ሰርቨሩ ሲነሣ አንዴ ተነክቶ ዳግም ያልተፈለገ ነገር ነው፤ እዚያው ቢተኛ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ሲመላለስ ነው፣ እሱን የሚነግረን ደግሞ `si` እና `so` ናቸው አልኳቸው። አሁን `sar -W` በየአሥር ደቂቃው ስለሚመዘግበው፣ እኔ ምሳ ላይ ብሆንም ማታ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

«ታዲያ ራም አያስፈልገንም ማለት ነው?» አሉ። ያስፈልገናል። የቡናው ወቅት ሲሟሟቅ ሁለት ሚዛን ይጨመራል፣ ያኔ ለጃቫው የተሰጠው 2 ጊጋ አይበቃም። ደብዳቤውን ጽፌ አስገብቻለሁ። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ብሎኛል።