«ምሳ በልተዋል?» ማለት ያቆምኩበት ወር

ከባለቤቴ ጋር ወደ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ከገባን 5 ወር ሆነን። እሷ በፈረቃ ስለምትሠራ እንግዳ ሲመጣ በር የምከፍተው፣ የማስቀምጠውና የማስተናግደው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ባደግኩበት ቤት ይህ የእናቴና የእህቶቼ ሥራ ነበር፤ የእኔ ድርሻ ወንበር ከማቀበል አያልፍም ነበር። ስለዚህ እንግዳ መቀበልን ከመጀመሪያው መማር ነበረብኝ። እንደ እኔ በቅርቡ ጎጆ የወጣችሁ ስላላችሁ፣ እስካሁን በማስታወሻዬ ላይ የሰፈረውን ላካፍላችሁ።

የጀመርኩት ከስህተት ነው። በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ እናቴ እንደ እህቷ የምታያቸው የድሮ ጎረቤታችን ቤቱን ሊያዩ መጡ። ሰዓቱ 7 ተኩል ገደማ ነው። በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ቆም ብለው «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። መልሱ ስላልመጣልኝ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ» ብዬ አሳለፍኳቸው። ተቀምጠው ትንሽ አረፍ እንዳሉ «ምሳ በልተዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በልቻለሁ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። «ሻይ ላፍላ?» አልኩ። «ኧረ አትቸገር፣ ቁጭ በል እንጫወት» አሉ። ቃላቸውን አምኜ ውሃ ብቻ አቀረብኩና አንድ ሰዓት ያህል ተጫውተን ሄዱ።

ማታ እናቴ ደወለች። እኚያ ሴት የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ከማለዳ ጀምሮ ሆስፒታል ውለው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የመጡት፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። እሳቸው ለእናቴ የነገሯት ስለ ቤቱ ማማር ብቻ ነው፤ ሌላውን የሰማችው አብራቸው ከዋለችው ልጃቸው ነው። እናቴ አልተቆጣችኝም። «እንግዳ ተጠይቆ አይበላም» ብቻ አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩን ሳብላላው የገባኝ ይህ ነው። «በልተዋል?» ብዬ ስጠይቅ ሸክሙን ከራሴ ላይ አውርጄ እንግዳው ላይ እጭናለሁ። ያልበላ ሰው «አልበላሁም» ቢል ምግብ እንደ መጠየቅ ይሆንበታል፤ ይሉኝታው አያስችለውም። የቀረው መልስ «በልቻለሁ» ብቻ ነው። «ላቅርብ?»፣ «ላፍላ?»፣ «ልጨምር?» የሚሉትም ያው ናቸው፤ ሁሉም የእንግዳውን ፈቃድ ስለሚጠይቁ መልሳቸው «አትቸገር» ነው። እናቴና አክስቶቼ እንዴት እንደሚያቀርቡ ልብ ብዬ ስከታተል አንድም ቀን ሲጠይቁ አልሰማሁም። መጀመሪያ ያቀርባሉ፤ ቃሉ የሚመጣው ሳህኑ ከተቀመጠ በኋላ ነው። «ቤት ያፈራውን ይቅመሱ»፣ «ትንሽ እህል ይቅመሱ እንጂ»፣ «ባዶ አፍዎን አይሄዱም» ይላሉ። ከእነዚህ አንዱም ጥያቄ አይደለም።

እንግዳው አሁንም «በልቻለሁ» ማለቱ አይቀርም። የመጀመሪያው እምቢታ የጨዋነት ነው፤ በዚያ ከቆምን እንግዳው ይጎዳል። ሁለተኛውን ጊዜ «በሞቴ፣ ለመቅመስ ያህል» ብሎ መለመን ይገባል። እዚህ ላይ ግን ለእኔ ከባዱ ትምህርት ልመናው የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ ነበር። አሁን የምለየው በመልሱ ዓይነት ነው። «በልቻለሁ»፣ «ጠግቤያለሁ»፣ «አትቸገር» የሚሉት ለማንም የሚባሉ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ አንድ ጊዜ ይለመናል። እንግዳው የራሱን ምክንያት ከተናገረ ግን፣ ለምሳሌ «ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ወይም «እስከ 9 ሰዓት ጾመኛ ነኝ» ካለ፣ እምቢታው እውነተኛ ነውና ልመናው እዚያ ላይ ያበቃል። ለጾመኛ «በሞቴ» ማለት በሃይማኖቱና በይሉኝታው መካከል ማስጨነቅ ነው። እኔ ይህን ያደረግኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌው ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ግማሽ ሰዓት ሲቆዩ አይቻለሁና አልደግመውም።

ወደ በሩ ልመለስ። የ«ቤት ለእምቦሳ» መልሱ «እምቦሳ እሰሩ!» ነው። እምቦሳ ትንሽ ጥጃ ናት፤ ጥጃ የታሰረበት ቤት ላም አለው፣ ወተት አለው፣ እንግዳ የሚያስተናግድበት አያጣም። አዲስ ቤት ሊያይ የመጣ እንግዳ ደጃፉ ላይ ይህን ምርቃት ይሰጣል፤ የቤቱ ሰውም ምርቃቱን ለእሱም ቤት ይመልስለታል። መልስ ሳይሰጠው ሲቀር ምርቃቱ በአንድ ወገን ይቀራል። ያን ቀን እኔ ያጎደልኩት ይህን ነበር።

ግቢ ባለው ቤት እንግዳ ከበር ውጭ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ እስኪከፈትለትና ግቢውን እስኪያቋርጥ ድረስ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይዘጋጃል። በኮንዶሚኒየም በሩ ሲከፈት እንግዳው ሳሎን ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔ ከደፉ ወጣ ብዬ ኮሪደሩ ላይ እቀበላለሁ። እጃቸው ላይ ያለውን በሁለት እጄ እቀበልና «ምነው ተቸገሩ?» እላለሁ። ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ካሉ «ኧረ በፍጹም፣ እንዲሁ ይግቡ» እላለሁ። ስለ ጤናና ስለ ልጆች መጠያየቁን እስኪቀመጡ አቆየዋለሁ፤ ደረጃ የወጣን ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ ማነጋገር አይገባም። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካለም ከመቀመጫው ተነሥቶ «ኖር!» ይላል፤ እንግዳው «በእግዚአብሔር፣ አይነሡ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ለታናሽ ወንድሜ ሁለት ጊዜ አሳይቼው አሁን ከእኔ ቀድሞ ይነሣል።

በሦስተኛው ወር የባለቤቴ አባትና ሁለት ወንድሞቻቸው መጡ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ዓርብ አብዛኛውን ጊዜ ጾም ነውና ከመጥራቴ በፊት ባለቤቴን ጠየቅኳት። ታላቅየው አጎቷ እስከ 9 ሰዓት ምንም እንደማይቀምሱ ነገረችኝ። ስለዚህ ቀጠሮውን 9 ሰዓት ላይ አደረግኩት። ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ሁለቱ እየበሉ አንዱ ዝም ብለው ሊመለከቱ ነበር፤ ወይም ሦስቱም «በልተናል» ይሉኝ ነበር። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ድንች በዋዜማው ማታ ከባለቤቴ ጋር አዘጋጀን። እሷ ግን በዚያ ቀን ተረኛ ነበረች።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቧንቧ ቢኖርም ለታላላቅ ሰዎች እጅ ማስታጠቡን መረጥኩ። ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ፣ ከሥር ሳፋ፣ ፎጣው በግራ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከታላቅየው አጎት ጀመርኩ። ውሃው በቀጭኑ መውረድ አለበት፤ በኃይል ከፈሰሰ እጅጌ ያበሰብሳል። ይበቃል ብሎ ማቆም የአስታጣቢው አይደለም፤ የሚታጠበው ሰው እጁን አራግፎ «ይበቃኛል፣ ተባረክ» እስኪል ይፈስሳል።

ገበታው ሲቀርብ «አባቴ፣ ማዕዱን ይባርኩልን» አልኩ፤ ባረኩ። እኔ ቆሜ ማስተናገድ የሚገባኝ መስሎኝ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ማንም እጁን አልዘረጋም። አማቴ ቀና ብለው «አንተስ? ያለ አንተ አንበላም፣ ና ቁጭ በል» አሉ። ተቀምጬ የመጀመሪያውን ስቆርስ ነው ሁሉም የጀመሩት። በኋላ እንዳየሁት ማቆሙም እንደዚያው ነው፤ የቤቱ ሰው እጁን ከሰበሰበ እንግዳም ይሰበስባል። ስለዚህ የራሴን ጉርሻ እያሳነስኩ፣ ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው ቆየሁ። ወጡ ጎደል ሲል «ልጨምር?» ሳልል በእያንዳንዳቸው ፊት ጨለፍ አድርጌ አስቀመጥኩና «ይብሉ እንጂ» አልኩ። «በሞቴ»ን ለእያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀምኩበት። ከባድ ቃል ነው፤ በየጉርሻው ከተደጋገመ ልመናው ማስገደድ ይሆናል። አማቴን አንድ ካጎረስኳቸው በኋላ እጄን ስመልስ ትንሹ አጎት «አንድ ያጣላል!» አሉ፤ ሁለተኛውን ጨመርኩ።

በልተው ሲያበቁ ታላቅየው «ማዕዱን ያብዛልህ፣ አብሮ ይስጠን» አሉ። «አሜን፣ አብሮ ይስጠን» አልኩ። ቡናውን ያፈሉልን ከፎቁ በታች የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ቆልቼ ማፍላት ገና እየተለማመድኩ ነው፤ አቦሉ ደህና ይወጣልኛል፣ ቶናው ላይ ግን ውሃ እያበዛሁ በረካው ሻይ ይመስላል። በዚያ ቀን ሦስቱም እስከ በረካ ቆዩ።

ሲሄዱ ልሸኛቸው አብሬ ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ይበቃል፣ ተመለስ» አሉኝ። «በልቻለሁ» ማለት ምን እንደሆነ ስለተማርኩ አልተመለስኩም። ግቢው በር ላይ እንደገና «ተመለስ» አሉ፤ ታክሲ እስኪያገኙ አብሬ ቆምኩ። «ሰላም ግቡ» ብዬ የተመለስኩት ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እኚያ የድሮ ጎረቤታችን መጡ። ከባለቤቴ ጋር ምሳ ላይ ነበርን። በሩን ስከፍት ገበታውን አይተው ሊመለሱ ዳዳቸው። ሁለታችንም ተነሥተን «እንብላ!» አልን፤ «ብሉ፣ ይባርክላችሁ፣ እኔ በልቻለሁ» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። ወንበር ሳብኩላቸውና ማንቆርቆሪያውን አመጣሁ። ባለቤቴ ከፊታቸው እንጀራ ዘረጋችና ሽሮውን አወጣችላቸው። «በሞቴ፣ ለመቅመስ ያህል» አልኩ እያስታጠብኳቸው። «እንግዲህ ለመቅመስ ያህል» አሉና ቆረሱ። ስለ ልጃቸው እያጫወቱን ብዙ ቆየን። ከዚያ የሽሮውን ድስት በጣታቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ጨምርልኝ እስቲ» አሉኝ።