ወለድ የሌለው ዱቤ የደሞዜን ግማሽ እንዴት በላው

«አሁን ይግዙ፣ በኋላ ይክፈሉ» የሚባለውን ነገር የጀመርኩት በጫማ ነው። አፑን ጫንኩ፣ የባንክ ካርዴን አስገባሁ፣ ወዲያው ተፈቀደልኝ። ሩቡን በዕለቱ፣ ቀሪውን በየሁለት ሳምንቱ በሦስት ዙር፣ ያለ ወለድ። ወለድ የለውም ማለታቸው እውነት ነው፤ በዚህ አልዋሹኝም።

ስህተቱ የኔ ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት ድርጅቶች አምስት ዕቃ ወሰድኩ። ለማስላት እንዲቀል የወር ደሞዜን 1000 እንበለው። የአምስቱ ዕቃዎች አንድ ዙር ክፍያ 60፣ 40፣ 50፣ 30 እና 70 ነበር። ለየብቻ ሲታዩ አይከብዱም። ሲደመሩ ግን በየሁለት ሳምንቱ 250፣ በወር 500 ይሆናሉ። እያንዳንዱ አፕ የሚያሳየኝ የራሱን ብቻ ነው፤ ድምሩን የሚነግረኝ አልነበረም። እኔም ወረቀት አንስቼ አልደመርኩም፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ደሞዝ የሚገባልኝ በወሩ መጨረሻ ነው። እነሱ የሚቆርጡት ግን በ14 ቀን ስለሆነ ቀኑ ይንሸራተታል። አንድ ወር ላይ ሁለት ክፍያዎች ከደሞዝ አራት ቀን በፊት ገጠሙ። ሒሳቤ ላይ 45 ነበር። የመጀመሪያው 40 ወሰደና 5 ቀረ። ሁለተኛው 30 ሲጠይቅ ባንኩ «በቂ ገንዘብ የለም» ብሎ መለሰውና ለመለሰበት 10 አስከፈለኝ፤ ሒሳቤም ከዜሮ በታች ወረደ። ድርጅቱ የመዘግየት ቅጣት 7 ጨመረ። በሁለተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ካርዴን እንደገና ሞከሩት። ባንኩም እንደገና 10! የ30 ክፍያ 57 ሆነ፣ በአራት ቀን መዘግየት። ይህን ወለድ አይሉትም፤ ስሙ «ክፍያ» ነው።

ድርጅቱ ጋ ስደውል የመለሰችልኝ ልጅ ትሕትናዋ ልክ የለውም። «ቀኑን ማዛወር ይቻል ነበር፣ ግን ከመድረሱ በፊት ነው» አለችኝ። የባንኩን 20 ስጠይቃት «እሱ የኛ አይደለም»። ባንኩ ደግሞ «የላኩብዎት እነሱ ናቸው»። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ከፋዩ እኔ ነኝ።

ሁሉም የሚመክሩት ቅጣት እንዳይመጣ አውቶማቲክ ክፍያ አብሩ ብለው ነው። እኔን የጎዳኝ ግን እሱ ነው። አሁን ካርዱን ደሞዝ ከሚገባበት ሒሳብ አላቅቄ ለብቻው ከከፈትኩት ሒሳብ ጋር አያይዣለሁ፤ ደሞዝ በገባ ቀን የወሩን ዙሮች በሙሉ እዚያ አዛውራለሁ። ያልበቃ ከመሰለኝ ከሦስት ቀን በፊት ቀኑን አስለውጣለሁ። በክሬዲት ካርድ መክፈልንም አልመክርም፤ የካርዱን ዕዳ በጊዜው ሙሉ በሙሉ ካልከፈሉት ወለድ የሌለው ዱቤ ካርዱ ላይ ወለድ ይጀምራል።

አምስቱንም ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። የመጨረሻውን በከፈልኩ ማግስት ከድርጅቱ መልእክት ደረሰኝ፦ «እንኳን ደስ አለዎት፣ የመግዛት አቅምዎ በእጥፍ አድጓል።»