ሽንኩርቱና 17ቱ ሜትር

ነገሩ ካለፈ ቆየ። ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። የዚያን ቀኑን ሽንኩርት ከደሞዜ ነው የከፈልኩት።

ከፒያሳ ወደ ለገሃር፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየወረድኩ ነው። ጠዋት ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ መንገዱ ጭር ያለ። የያዝኩት የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ፒክአፕ ነው። ፍጥነቴ 60። ቴዎድሮስ አደባባይን አለፍ እንዳልኩ፣ ጥግ ይዞ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ የሽንኩርት ጋሪ ብቅ አለ። ፍሬኑን ረገጥኩ። ጎማው ጮኸ። ገፊው ዘሎ ተረፈ፣ ጋሪው ግን አልተረፈም። ሽንኩርቱ ወደ ጥቁር አንበሳ ቁልቁል ተንከባለለ፣ መንገደኛው ሁሉ ለቃሚ ሆነ።

የስምሪት ኃላፊያችን ደረሰ። ስለ ሰውየው አልጠየቀም።

"ካየኸው ለምን አልቆምክም?"

"ፍሬን ይዣለሁ፣ አለቃ።"

"ብትይዝማ ትቆም ነበር።"

ለዚህ ምን ይመለሳል?

የጋራዣችን አዛውንት መካኒክ አብረው መጥተው ነበር። ከኪሳቸው ሜትር አወጡ። "ጋሪውን መጀመሪያ ያየኸው የት ስትደርስ ነው?" አሉኝ። የመብራት ምሰሶውን አሳየኋቸው። ከምሰሶው ጎማዬ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር እስከጀመረበት ድረስ ለኩ። 17 ሜትር።

"እዚህ ላይ ምን ትሠራ ነበር?"

"ምንም። ፍሬን ልይዝ ነበር።"

"በቃ፣ እያሰብክ ነበር።"

በ60 የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዓይን አይቶ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ፍሬን እስኪያገኝ 1 ሰከንድ ግድም ይፈጃል። እስከዚያ መኪናው ባለበት ፍጥነት ይነዳል። ይህ የማሰቢያ ርቀት ነው። ፍሬኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። ስልክ የሚያይ ሹፌር ደግሞ በእያንዳንዱ ሰከንድ ሌላ 17 ሜትር ይጨምራል። (የእኔ ስልክ እንኳ ኪሴ ውስጥ ነበር። "የት ደረስክ?" እያለ ማን ይደውል እንደነበር ግን እዚህ አልናገርም።)

ጥቁሩ መስመር 20 ሜትር ሆነ። ሽንኩርቱ መፍሰስ የጀመረው 13ኛው ሜትር ላይ ነው። እኔ እዚያ ስደርስ የቀረኝ ጥቂት ፍጥነት መስሎኝ ነበር። መካኒኩ ሳቁብኝ።

"በደረቅ መንገድ ጥሩ ፍሬን በ1 ሰከንድ 25 ያህል ይቀንስልሃል" አሉ። "ከ60 ጀመርክ። ከ1 ሰከንድ በኋላ ገና 35 ላይ ነህ። በዚያች ሰከንድ 13 ሜትር ሄደሃል።" ጋሪውን በ35 ነው የመታሁት ማለት ነው። የቀረችው 35 በ7 ሜትር አለቀች። አብዛኛው ሜትር የሚባክነው ገና መጀመሪያ፣ መኪናው በፈጠነበት ጊዜ ነው።

"50 ብትሆንስ ኖሮ?" ብለው ራሳቸው አሰሉት። ማሰቢያው 14 ሜትር። 50ው በ2 ሰከንድ ያልቃል። በእነዚያ 2 ሰከንዶች አማካዩ 25 ስለሆነ የፍሬኑ ርቀት 14 ሜትር ነው። ድምሩ 28። ከምሰሶው እስከ ጋሪው ደግሞ 30 ሜትር ነበር። በ50 ብመጣ ሁለት ሜትር ሲቀረኝ ቆሜ ከሰውየው ጋር እንሰዳደብ ነበር።

30 ብሆን ደግሞ የፍሬኑ ርቀት 5 ሜትር ብቻ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ርቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መኪናው የሚቆምበት ሰዓት በግማሽ ያጥራል፣ በዚያ ሰዓት የሚሄድበት አማካይ ፍጥነትም ግማሽ ነው። የማሰቢያው ርቀት ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ቁልቁለቱ ትንሽ ይጨምርበታል፣ እሱን ተዉልኝ አሉ። የክረምት ዝናብ ሲመጣ ግን የፍሬኑ ርቀት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በ60 ስትነዳ ማሰቢያው ያው 17 ነው።

ኃላፊው ይህን ሁሉ እጁን አጣምሮ ሰማ። ሪፖርቱ ላይ "ሹፌሩ ፍሬን ዘግይቶ በመያዙ" ብሎ ጻፈ። "ፈጥኖ በመንዳቱ" ቢል እፈርም ነበር። እውነት ነዋ! አልፈርምም ብዬ ተከራከርኩ። ሽንኩርቱን ከፈልኩ።

ከወር በኋላ ያው ሰው ጋቢና ከጎኔ ተቀምጦ ወደ ሜክሲኮ እየሄድን ነው። ስብሰባ ረፍዶበታል። "ትንሽ ነካ ነካ አድርጋት እንጂ" ይለኛል። ነካ አደረግኳት። ፊት ለፊታችን ያለው ሚኒባስ "ወራጅ አለ!" ተብሎ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ስንዝር ሲቀረን ቆምን።

"ቀደም ብለህ አትይዝም?" ብሎ ጮኸ።

ቀኝ እግሩን አየሁት። ፍሬን በሌለበት፣ ምንጣፉን ጨቁኖ ይዟል።

"አለቃ፣ እርስዎም የረገጡት ከእኔ እኩል ነው" አልኩት።