ቆጣሪ ወደ ኋላ አይቆጥርም

ለንደን ውስጥ የምኖረው አንድ ትልቅ ቤት ተከፋፍሎ በተሠራ ስቱዲዮ ነው። መብራቱ የገባው በአከራዩ ስም ነው። ለእኛ ለተከራዮች ኮሪደሩ ላይ የየራሳችን ትንንሽ ቆጣሪ ተሰቅሎልናል፤ አከራዩ እያነበበ ያስከፍለናል። አዲስ አበባ በጋራ ቆጣሪ ለኖረ ሰው ይሄ ራሱ ቅንጦት ነው።

በጁን መጀመሪያ የመጣው ቢል ግን 554 ፓውንድ ከ88 ይላል። ከጃንዋሪ 28 እስከ ሜይ 31፣ ከ8214 እስከ 9846፣ 1632 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንዱ በ34 ፔንስ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውዬ ማታ ሻይ የማፈላ ሰው ነኝ። ማንን አብልቼ ነው?

ከመናደድ በፊት አንድ ነገር አጣራሁ። ቆጣሪው በእርግጥ የእኔ ነው? ተከፋፍለው በተሠሩ ቤቶች መስመር ይዛነፋል፤ የጎረቤት ማሞቂያ በአንተ ቆጣሪ ላይ ሊያልፍ ይችላል። የክፍሌን ዋና ብሬከር ዘጋሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ቀይ መብራት ቆመች። መልሼ ስከፍተው ቀጠለች። ጥሩ፣ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰውም የተቀጠለበት አይመስልም።

ቀጥሎ ፎቶዎቹን አወጣሁ። ቁልፍ የተረከብኩ ቀን ቆጣሪውን አንስቼ ለአከራዩ በኢሜይል ልኬለት ነበር። ፎቶው ላይ የቆጣሪው መለያ ቁጥርና አሃዞቹ አብረው ይታያሉ። ይሄ ወሳኝ ነው፤ መለያ ቁጥር የሌለው ፎቶ የማንም ቆጣሪ ሊሆን ይችላል። በኢሜይል መላኩም እንዲሁ ጠቀመኝ። በቻት የሚላክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ሲጨመቅ የተነሳበትን ቀን ያጣል። ኢሜይሉ ግን ቀኑን ራሱ ይመሰክራል።

ፎቶው 08742 ይላል፣ ከጎኑ ቀይ 6። ቀዩ አሃዝ ከአንድ በታች ያለው ነውና አይቆጠርም፤ እሱን አብሮ ያነበበ ሰው ፍጆታውን በአሥር ያበዛዋል። እንግዲህ እኔ ስገባ ቆጣሪው 8742 ላይ ነበር፣ ቢሉ ግን ከ8214 ይጀምራል።

መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። ቢሉ ከደረሰኝ በኋላ፣ ጁን 4 ያነሳሁት ፎቶ 09512 ነው። ቢሉ ከዚያ ቀደም ብሎ 9846 ደርሷል ይላል!

ደብዳቤዬን አጭር አደረግኩት። ስለ ኑሮዬም ስለ ቁጣዬም አንድ ቃል አላነሳሁም።

«ጤና ይስጥልኝ። የሜይ 31ን የመብራት ሂሳብ አልተቀበልኩም፤ ምክንያቴም ይህ ነው። አንደኛ፣ የገባሁ ቀን ቆጣሪው 8742 ነበር፤ የዚያኑ ቀን የላክሁልዎትን ፎቶ በድጋሚ አያይዣለሁ። ከ8214 እስከ 8742 ያለው 528 እኔ ከመግባቴ በፊት የተቆጠረ ነው። ሁለተኛ፣ ጁን 4 ቆጣሪው 9512 ነው። ስለዚህ ሜይ 31 ላይ 9846 ሊሆን አይችልም። በቀን በአማካይ 6 ገደማ ስለምጠቀም፣ ትክክለኛው ንባብ 9486 ሆኖ 4 እና 8 ቦታ የተቀያየሩ ይመስለኛል። በዚህ መሠረት ፍጆታዬ 744 ነው፤ በእርስዎ ዋጋ 252 ፓውንድ ከ96 ይሆናል። ሦስተኛ፣ 34 ፔንስ የሚለው ዋጋ ከየት እንደመጣ ለማየት የኩባንያውን ቢል ቅጂ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።»

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። እንግሊዝ ውስጥ አከራይ መብራት አትርፎ መሸጥ አይችልም። የኢነርጂ ተቆጣጣሪው ኦፍጌም ያወጣው ጣሪያ አለ፦ አከራዩ ለቤት ፍጆታ የሚያስከፍለው እሱ ራሱ ለኩባንያው ከሚከፍለው መብለጥ የለበትም። በየቀኑ የሚታሰበውን ቋሚ የመስመር ክፍያ ግን ለተከራዮች ማካፈል ይችላል። ይህ የሚሠራው መብራት ለብቻው ሲጠየቅ ነው፤ በኪራይ ውስጥ ከተጠቃለለ አይመለከትም።

ኪራዬን ግን እንደወትሮው በቀኑ ከፈልኩ። የመብራት ክርክር ተብሎ ከኪራይ ላይ መቀነስ ውዝፍ ኪራይ ያስቆጥራል፤ ያኔ ጥፋተኛው አንተ ትሆናለህ።

ስለ ንባቡ መልስ ወዲያው መጣ፣ ሁለት መስመር፤ «ተሳስተናል፣ እናስተካክላለን» የሚል። ስለ ዋጋው ግን ዝም። ደግሜ ጻፍኩ። ሲቆይ የቢሉ ቅጂ መጣ፣ አንዱ ቫቱን ጨምሮ 27 ፔንስ ነው። ለ744 ሲባዛ 200 ፓውንድ ከ88። የመስመር ክፍያ ድርሻዬ 18 ፓውንድ ከምናምን ተጨምሮበት በ219 ዘጋነው።

ያ 528 ኪሎዋት ሰዓት የቀድሞው ተከራይ ዕዳ ይሁን የማን፣ ሂሳቡን እሱና አከራዩ ይተሳሰቡ።